የእንግሊዙ አንበሳና የፋርሷ ድመት

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የታሪክ ማጣቀሻ መጽሐፍ ስናዘጋጅ የሥዕሎቹን መግለጫዎች የማረም ኃላፊነት የእኔ ነበር። ኃያላን መንግሥታት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደካማ ያሏቸውን አገሮች እንዴት እንደተከፋፈሉ የሚተርከው ምዕራፍ ውስጥ አንድ የፖለቲካ ካርቱን ገብቶ ነበር። በሥዕሉ ላይ ግዙፍ ድብ የአንዲትን ድመት ጅራት ተጭኖ ተቀምጧል፤ አንበሳም ይመለከታቸዋል። ወጣቱ ባልደረባችን ከሥሩ የጻፈው መግለጫ አንበሳው የምኒልክ ኢትዮጵያ፣ ድቡ ወዳጇ ሩሲያ፣ ድመቷ ደግሞ በዓድዋ የተሸነፈችው ጣሊያን እንደሆነች ይናገር ነበር።

ባልደረባዬ እንዲህ ያነበበው ያለ ምክንያት አይደለም። የገጽ ቅንብር ባለሙያው ቦታ ለማብቃቃት ሲል ከሥዕሉ ሥር የነበረውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቆርጦ ጥሎታል። ምዕራፉ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1906 ኢትዮጵያን በተጽዕኖ ክልል ለመከፋፈል የተዋዋሉትን ስምምነት ያነሳል። በዚህ ላይ አንበሳ ሲያይ የይሁዳን አንበሳ የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥቂት ነው። ሆኖም የእኛ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል ያለበት በትር ይዞ የሚሣል ሲሆን፣ በዚህኛው ሥዕል ላይ መስቀሉ የለም። ከዚያም በላይ ካርቱኑ የወጣው ፐንች በተባለው የለንደን መጽሔት ነው። በእንግሊዝ ካርቱኒስቶች ዘንድ አንበሳ ብሪታንያን፣ ድብ ሩሲያን መወከሉ የቆየ ልማድ ስለነበር፣ የመጽሔቱ አንባቢ ስም ሳይጻፍለት ይለያቸው ነበር። እንስሳው የማን ምልክት እንደሆነ የሚወስነው የሠዓሊውና የአንባቢዎቹ የጋራ ልማድ ነውና፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሥዕሉ የት፣ መቼና ለማን ታተመ የሚለው ነው።

ካርቱኑ የታተመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1911 ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ብሪታንያና ሩሲያ የዛሬዋን ኢራን፣ የያኔዋን ፋርስ፣ ሰሜኑን ለሩሲያ፣ ደቡብ ምሥራቁን ለብሪታንያ አድርገው፣ መካከሉን ገለልተኛ ብለው ተከፋፍለዋል። በ1911 መጨረሻ ሩሲያ የፋርስን ገንዘብ ያስተዳድር የነበረው አሜሪካዊው ሞርጋን ሹስተር እንዲባረር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ጦሯም በሰሜኑ ነበር። ድመቷ ፋርስ የሆነችው የፋርስ ድመት የሚባለው ባለ ረጅም ጸጉር ዝርያ በአውሮፓ የታወቀ ስለነበረ ነው። ሠዓሊው የፋርስን ነገሥታት የአንበሳና የፀሐይ አርማ አለመጠቀሙም አያስደንቅም፤ በሥዕሉ ላይ ሁለት አንበሳ ቢኖር አንባቢው ግራ ይጋባ ነበር።

ከዚህ በኋላ መጠንና አቀማመጥ መናገር ይጀምራሉ። ድቡ ድመቷን አልነከሳትም፤ ክብደቱን ጅራቷ ላይ ማሳረፉ ብቻ እንዳትንቀሳቀስ አድርጓታል። ይህም አንድን አገር በይፋ ሳይጠቀልሉ አንቆ መያዝን በትክክል ያሳያል። ተቆርጦ የተጣለው ጽሑፍ ደግሞ የአንበሳው ንግግር ነበር፤ አንበሳው ለድቡ፣ ይህን ያህል ባንግባባ ኖሮ ከትንሿ የጨዋታ ጓደኛችን ጋር ምን እያደረግህ እንደሆነ ልጠይቅህ ይዳዳኝ ነበር ይለዋል። ስለዚህ የነቀፌታው ዒላማ ድቡ ብቻ አይደለም፤ ኃይል እያለው በጨዋ ቃል አይቶ የሚያልፈው አንበሳም ነው። ባልደረባዬ የኩራት ምልክት አድርጎ የወሰደው እንስሳ በገዛ አገሩ መጽሔት እየተወቀሰ ነበር።

እኔን ዛሬም የሚከነክነኝ ድመቷ አንዲት ቃል አለመናገሯ ነው። ፋርስ በዚያን ጊዜ ሕገ መንግሥት የነበራት፣ ማስጠንቀቂያውን በድፍረት ውድቅ ያደረገ ፓርላማ የነበራት አገር ናት። አገር በአንድ እንስሳ ሲተካ በውስጡ ያሉት ሰዎች፣ ክርክራቸውና እምቢታቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ የአንበሳውን ንግግር በአማርኛ ተርጉመን ወደ ቦታው ከመመለሳችን ሌላ፣ ስለ ፓርላማው የሚናገር አንድ አንቀጽ ከሥዕሉ አጠገብ እንዲገባ አደረግሁ።

ባልደረባዬ መግለጫውን እንደገና ከጻፈ በኋላ፣ «መሪን በፊቱ ቅርጽ ሲስሉትስ እንዲሁ በልማድ ነው የሚታወቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ሥራው ይለያል፤ ሠዓሊው ልማዱን ራሱ ይፈጥራል። የፈረንሳዩ ካርቱኒስት ሻርል ፊሊፖን ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በሥዕል አዋርደሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1831 ሲከሰስ፣ ለፍርድ ቤቱ አራት ንድፎችን አቀረበ። የመጀመሪያው የንጉሡ ትክክለኛ መልክ ነበር። በተከታዮቹ ላይ ሰፊው ጉንጭ ከታች እየሰፋ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ እየሾለ፣ ዓይንና አፍ እየደበዘዙ ሄደው አራተኛው ላይ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ የፒር ፍሬ ሆኑ። ፊሊፖን የመጀመሪያው ንጉሡን ስለመሰለ ወንጀል ከሆነ፣ እርሱን የሚመስሉት ተከታዮቹም፣ በመጨረሻም ፒሩ ራሱ ወንጀል ሊሆኑ ነው ሲል ተከራከረ፤ የስድስት ወር እስራትና የ2,000 ፍራንክ ቅጣት ግን አልቀረለትም። ሆኖም ፒሩ ብቻውን በየግድግዳው ሲሣል ሰው ሁሉ ንጉሡን ያይ ጀመር፤ ምክንያቱም ከፊቱ የተመረጡት ሁለት ምልክቶች፣ ጉንጩና ጠጉሩ፣ የእውነት የእርሱ ነበሩ። መንግሥትም በ1835 ባወጣው ሕግ ማንኛውም ሥዕል ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደ። አራቱን ንድፎች ሳንቆርጥ በቅደም ተከተላቸው በቀጣዩ ገጽ ላይ አትመናቸዋል።