ዋናው ሐሳቤ ገጽ 17 ላይ ነበር

የማርኬቲንግ ሪፖርቴ ከ100 58 አግኝቶ ሲመለስልኝ መምህሩ አላነበቡትም ብዬ ደመደምኩ። 22 ገጽ ጽፌአለሁ፣ 24 ሱቅ በእግሬ ዞሬአለሁ፣ ሠንጠረዦቹን ራሴ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ዋናው ሐሳብሽ ምንድን ነው?»

ሥራው የማስተርስ ኮርስ ሪፖርት ነው። አንድ ድርጅት መርጠን፣ ችግሩን አጥንተን፣ ምን ማድረግ እንዳለበት እንድንናገር ነበር የታዘዝነው። እኔ የመረጥኩት አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ ለሱቆች የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነው። ሽያጩ ቀንሶበት 400,000 ብር ለሬዲዮና ለፌስቡክ ማስታወቂያ መድቦ ነበር። ደብዳቤ አጻፍኩ፣ ፈቃድ አገኘሁ፣ ባለሱቆቹን ጠየቅኩ፤ ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ወሰደ፣ ችግርም አልገጠመኝም። ያገኘሁትም ግልጽ ነበር። ከ24ቱ ሱቆች በ9ኙ ቡናው አልቋል። ከ9ኙ ስድስቱ አከፋፋዩ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳልመጣ ነገሩኝ። ደንበኛው ቡናውን ያውቀዋል፣ ይጠይቃል፣ ሲያጣ ሌላ ይገዛል። በማስታወቂያ የሚፈታ ችግር አልነበረም።

ውጤቴን ልከራከር ቢሮአቸው ሄድኩ። መምህሩ ሪፖርቱን ሳይከፍቱ «እሺ፣ ድርጅቱ ምን ያድርግ ነው የምትይው?» አሉኝ። «የማስታወቂያውን ብር ትተው መጀመሪያ ቡናውን ሱቅ ያድርሱ» አልኳቸው። «ጥሩ ነው። የት ነው የጻፍሽው? አሳይኝ» ብለው ሪፖርቱን ሰጡኝ። ፊት ላይ ያለውን ማጠቃለያ፣ ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪውን፣ አየሁ፣ የለም። የምክረ ሐሳቡን ክፍል አየሁ፣ ሰባተኛው ነጥብ ላይ «የስርጭት ሥርዓቱን ማሻሻል ቢታሰብበት» ይላል። ለመምህሩ የነገርኳቸውን ዐረፍተ ነገር ራሱን ያገኘሁት ገጽ 17 ላይ፣ የአንድ ረጅም አንቀጽ መሐል ነው። እኔ የጻፍኩት ሰው ለመፈለግ ያን ያህል ጊዜ ከወሰደብኝ፣ ስድሳ ሪፖርት የተከመረባቸው ሰው ምን ያድርጉ?

የዚያን ቀን በመምህሩ ሳይሆን በራሴና በተሰጠን መመሪያ ተናደድኩ። መመሪያው ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ ዳራ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ በዚህ ቅደም ተከተል ይኑረው ይላል። ቃል በቃል ተከተልኩት። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አጀማመሩ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

«ቡና በአገራችን ኢኮኖሚ ከፍተኛ ድርሻ አለው። የዚህ ሪፖርት ዓላማ የድርጅቱን የማርኬቲንግ አካባቢ መተንተን ነው። ለትንተናው ስዎት፣ ፔስትልና የፖርተር አምስት ኃይሎች ጥቅም ላይ ውለዋል።»

ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ግን የድርጅቱን ስም ቀይሮ ሌላ ተማሪ ሪፖርት ላይ ቢለጥፋቸው ማንም አያውቅም። እኔ የጻፍኩት መግቢያ ነው። መግቢያ ሪፖርቱ ስለምን እንደሆነ ይናገራል። ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ ደግሞ ሪፖርቱን ጨርሶ የማያነብ ባለቤት ውሳኔ እንዲወስን የሚጻፍ ነው።

ለመጨረሻው ፕሮጀክት ያንኑ ድርጅት ይዤ ስቀጥል ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦

«ድርጅቱ ለማስታወቂያ ከያዘው 400,000 ብር ውስጥ 150,000 ብሩን ለሦስት ወር በኪራይ መኪና ለሱቆች ለማድረስ ያውለው፤ ቀሪውን ውጤቱ እስኪታይ ያቆየው። ከጎበኘናቸው 24 ሱቆች በ9ኙ ቡናው አልቆ ነበር፤ ስለዚህ ማስታወቂያ የሚጠራው ደንበኛ የሚገዛው አያገኝም። ጥናቱ በአዲስ አበባ ሱቆች የተወሰነ ነው፤ ስለ ክልል ገበያ አይናገርም።»

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውሳኔው ከነብሩ አለ። በሁለተኛው አንድ ቁጥር ብቻ አለ፣ ከሁሉ የሚከብደው። ሌሎቹን ቁጥሮች ማስቀረቱ አሳዝኖኝ ነበር፤ ነገር ግን አምስት ቁጥር አንድ ላይ ሲደረደር አንባቢው የትኛው ውሳኔውን እንደተሸከመ አይለይም። ስዎትና ፔስትልን ከማጠቃለያው ሙሉ በሙሉ አወጣኋቸው። ቦታቸው የሪፖርቱ ዋና ክፍል ውስጥ ነው።

የምክረ ሐሳቡ ክፍል የበለጠ አስቸገረኝ። መጀመሪያ 11 ነጥብ ነበረው፣ ሁሉም እኩል መጠን ያላቸው። እያንዳንዱን ከየትኛው ግኝት እንደመጣ ጠየቅኩት። አራቱ ከምንም ግኝት አልመጡም፤ «ማኅበራዊ ሚዲያን ማጠናከር» የመሳሰሉ ናቸው። ሦስቱን ከመማሪያ መጽሐፍ ነው ያመጣኋቸው። ከቀሩት አራት ሁለቱ በተለያየ ቃል የተጻፉ አንድ ነገር ሆነው ተገኙ። ሦስት ቀሩ፤ ትልቁን ፊት አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ ነው አጻጻፌ ራሱ እንቅፋት እንደሆነ ያየሁት። ድርጅቱን የሚመሩት በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያድርጉ ብሎ መጻፍ ድፍረት መስሎኝ «ቢደረግ»፣ «ቢታሰብበት» እያልኩ አለሳልሼዋለሁ። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ይህ ደግ ነው፤ ሪፖርት ላይ ግን አራሚው ጸሐፊዋ ራሷ ያላመነችበት አድርጎ ነው የሚያነበው። አሁን አንደኛው ምክር ይህን ይላል፦ የሽያጭ ኃላፊው ከመጪው ወር ጀምሮ ሾፌር ያለው መኪና በወር 50,000 ብር ተከራይቶ በአካባቢው ላሉ 120 ሱቆች በየሳምንቱ ያድርስ፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ እነዚያው 24 ሱቆች ይጎብኙ፤ ቡና ያለቀባቸው ከ9 ወደ 3 ወይም ከዚያ በታች ካልወረዱ ይቁም። መጨረሻው ላይ ምክሩን የሚደግፈውን ክፍል ቁጥር ጻፍኩ፣ «ክፍል 4.2ን ይመልከቱ» ብዬ። አራሚው ሲጠራጠር በቀጥታ ወደ ማስረጃው ይሄዳል።

አንድ ነገር ላይ ከመምህራን ጋር አልስማማም። ማጠቃለያ መጨረሻ ላይ ይጻፋል ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ትንተናውን መጻፍ ሳልጀምር፣ መረጃው ተሰብስቦ እንዳለቀ እጽፈዋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ ገና የምለው ነገር የለኝም ማለት ነው፤ ይህን በ22ኛው ገጽ ላይ ከማወቅ በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይሻለኛል። ትንተናው ሐሳቤን ከቀየረው ዐረፍተ ነገሩን እቀይረዋለሁ። የቀረውን ማጠቃለያ ግን እውነትም መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ አለዚያ ቁጥሮቹ አይገጥሙም። እኔ በመጨረሻው ፕሮጀክት ውስጡ 9 ያለውን ማጠቃለያው ላይ 8 ብዬ ትቼው ልሰጥ ስል ነው ያገኘሁት።

ቃልም አትቀያይሩ። ማጠቃለያው «በኪራይ መኪና ማድረስ» ካለ ምክረ ሐሳቡም እንደዚያው ይበል። እኔ ቃል መደጋገም ነውር ነው ብዬ በአንዱ «ማድረስ»፣ በሌላው «የስርጭት ማሻሻያ» ስል አንባቢ ሁለት የተለያየ ሐሳብ መስሎት ነበር።

ከማስረከቤ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ለእህቴ ሰጠኋት። እሷ ነርስ ናት፣ ማርኬቲንግ አልተማረችም። ሁለት ደቂቃ ካነበበች በኋላ ወረቀቱን ተቀብያት ድርጅቱ ምን ያድርግ እንደሚል ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ቡናውን ያድርሱ ነው የሚለው፣ ማስታወቂያው ይቆይ» አለችኝ። ያን ማታ ሪፖርቱን አተምኩት። የፊተኛው 58 ግን አልተነሳልኝም፤ ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው የዚያ ኮርስ ውጤት አሁንም እሱን ተሸክሟል።