ባለ 3ዋ ካርድ

ዛሬ ጠዋት ቡድናችን ውስጥ ሞቅ ያለ ክርክር ነበር። 3 ፖይንት ብቻ የሰጠናት ሥራ የስፕሪንቱን፣ የሁለት ሳምንቱን የሥራ ዙር ማለት ነው፣ ግማሽ በላች። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ልጅ "አቦ፣ ወደ 8 እንቀይራትና እንገላገል!" አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም ብዬ ድርቅ አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሐሳቡ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

አራት ነን። እዚሁ ድሬዳዋ ላለ አንድ ጅምላ ነጋዴ ሶፍትዌር እየሠራን ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ይመጣል፣ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ለድሬ፣ ለሐረርና ለጅግጅጋ ቸርቻሪዎች በእጅ በእጅም በዱቤም ይሸጣል። የምንሠራው በሁለት ሳምንት ስፕሪንት ነው። የዚያች ሥራ ካርድ ላይ የተጻፈው አጭር ነበር፦ "የወር ሽያጭ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር።"

3 የሰጠናት በማወዳደር ነው። ከዚህ በፊት የሽያጭ ሪፖርት በመጋዘን ለይተን ሠርተናል፤ እሷ 3 ነበረች። ይቺም ያው ሪፖርት ናት፣ በመጋዘን መደመሩ ቀርቶ በወር ይደመራል። ስለዚህ 3። ስቶሪ ፖይንት የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ሥራው ስንት ሰዓት ይፈጃል ሳይሆን ቀድሞ ከምናውቀው ሥራ ጋር ሲተያይ ምን ያህላል ነው ጥያቄው።

ለምን በሰዓት አልገመትንም? እኔ ለዚያች ካርድ ግማሽ ቀን ብል፣ በቅርቡ የተቀላቀለችን ልጅ ሁለት ቀን ትል ነበር። ሁለታችንም ልክ ነን። እኔ የሪፖርቱን ኮድ አውቀዋለሁ፣ እሷ ገና እያነበበችው ነው። ታዲያ የማንን ሰዓት እንጻፍ? ሥራውን ማን እንደሚወስደው እንኳን በዚያን ሰዓት አይታወቅም። "ከመጋዘኑ ሪፖርት ጋር እኩል ናት" በሚለው ላይ ግን ወዲያው ተስማማን። ደግሞ የድሬ ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የሚሠራ አንድ ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት በዚያ ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በቆመበት የሚሠራ አንድ ሰዓት ስማቸው ብቻ ነው አንድ።

ፖይንት የመጣበትን ታሪክ ሳነብ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ሊሆን የሚችለው ሮን ጄፍሪስ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ የሚገምቱት ማንም ሳያቋርጣቸው በሚሠሩበት "ምቹ ቀን" ነበር። አንዱ ምቹ ቀን በተግባር ሦስት ቀን ያህል ይወስዳል። አለቆቹ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ለምን ሦስት ቀን ይፈጃል እያሉ ግራ ተጋቡ። በመጨረሻ ቀን የሚለውን ስም ትተው ፖይንት አሉት።

ወደ ካርዷ ልመለስ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ሰዓት እንጠቀማለን። በየጠዋቱ አጭር ስብሰባችን፣ ስታንድአፕ ላይ፣ ካርዱን የያዘው ሰው "ስንት ሰዓት ቀረኝ" የሚለውን ይጽፋል። ስንት ሰዓት እንደሠራ አይደለም፣ ስንት እንደቀረው ብቻ። እዚህ ላይ ሰዓት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም የሚገምተው ሥራውን በእጁ የያዘው ሰው ነው፣ የሚገምተውም ስለ ነገና ከነገ ወዲያ ነው። በዚህች ካርድ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች በተከታታይ 10፣ 7፣ 7፣ 14 ነበሩ። ሁለተኛዋ 7 የመጀመሪያዋ ምልክት ናት። አንድ ሙሉ ቀን ተሠርቶ የቀረው አልቀነሰም። 14ቱ ሲጻፍ ደግሞ ካርዷ ከተገመተችው እንደምትበልጥ ማንም መካድ አይችልም። እንደዚህ ዓይነት ቁጥር ሳይ ሰው ሰነፈ ብዬ አላስብም። ሥራው ውስጥ ያላየነው ነገር አለ ማለት ነው።

ያላየነው ነገር ጳጉሜን ነበረች። ሽያጩ ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠው በፈረንጅ ቀን ነው። ቀን የሚቀይረው አሮጌ ኮድ ደግሞ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ናት ብሎ ያምናል። በየአራት ዓመቱ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆንና አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 የተቆረጠ አንድ ደረሰኝ ይዘን አየነው። ትክክለኛ ቀኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው። ስክሪኑ ላይ ግን መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። ኮዱ ከዚያ ጀምሮ ቀን እየቆጠረ ስለሚሄድ 2016 ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ወር በገባ ቁጥር የ30ኛው ቀን ሽያጭ ወደሚቀጥለው ወር ይዘላል። ሪፖርቱ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ የዓመቱ ድምርም ያን ያህል አያስደነግጥም፣ የወሮቹ ድምር ግን አንዱም ልክ አይደለም። ስለዚህ የቀን መቀየሪያው እንደ አዲስ ተጻፈ፣ ተፈተሸ።

በዚህ መሐል የነጋዴው የሐጂ ሒሳብ ሠራተኛ መጣች። የጳጉሜን ሽያጭ ከነሐሴ ጋር ተደምሮ እንዲታይላት ፈለገች። ከዚያ ቀጥላ "እግረ መንገዳችሁን ከሐምሌ 1 የሚጀምር የበጀት ዓመት ሪፖርትም ጨምሩልኝ" አለች።

የዛሬው ክርክር የተደበላለቀው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ካርዷ "ትልቅ ሆነች" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እያወራን ነው። ቀን መቀየሪያውና ጳጉሜን መጀመሪያም ካርዷ ውስጥ ነበሩ። ትክክለኛ የወር ሪፖርት ያለነሱ አይሆንም፤ እኛ ክብደታቸውን አላየንም እንጂ ሥራው ያው ነው። የበጀት ዓመቱ ግን አልነበረም። አዲስ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለብቻው ካርድ ወጣለት፣ 3 ተሰጠው፣ ገና ያልተሠሩ ሥራዎች ዝርዝር በሆነው ባክሎግ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። አሮጌው ካርድ ላይ ደርበነው ቢሆን ሐጂ ምን ያህል ሥራ እንደጨመሩ መቼም አያዩትም ነበር።

ከብዶ ለተገኘው ሥራ ግን ቁጥሩን አንነካም። ጓደኛዬ ያልተዋጠለት ይሄ ነው። "ታዲያ የለፋንበት የት ይታያል?" አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በየስፕሪንቱ በምንጨርሰው ፖይንት ድምር፣ ቬሎሲቲ በምንለው ላይ ይታያል ነው። ያለፉት ሦስት ስፕሪንቶች 21፣ 18 እና 20 ፖይንት ነበሩ። በዚህኛው የጨረስነው 14 ብቻ ነው። ባለ 3ዋ ስትጎተት ሁለት ሌሎች ካርዶች ሳይነኩ ወደ ባክሎግ ተመለሱ። ያ 14 ነው ድካማችንን የሚናገረው።

ቁጥር ከመቀየር የሚሻለውን ሥራ ከሰዓት በኋላ ሠራነው። ባክሎግ ውስጥ ከዚህች ካርድ ጋር ዘመድ የሆኑትን ፈልገን አወጣን፦ የወጪ ሪፖርት፣ የዱቤ ማስታወሻ፣ የሠራተኛ ደሞዝ። ሦስቱም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይነካሉ። ጳጉሜንን ከማወቃችን በፊት ስለተገመቱ እንደገና ማወዳደር ተገቢ ነው። ውጤቱ ሁሉም ወደ ላይ አልወጣም። የወጪ ሪፖርቱ 3 ነበር፣ ወደ 2 ወረደ፤ ምክንያቱም ቀን መቀየሪያው አሁን ተሠርቷል፣ ዕዳውን ባለ 3ዋ ከፍላለታለች። ደሞዙ 5 እንደሆነ ቀረ። የዱቤ ማስታወሻው ግን ከ2 ወደ 5 ዘለለ። አንድ ቸርቻሪ ነሐሴ 20 ላይ "በወር እከፍላለሁ" ብሎ ዕቃ ወሰደ እንበል። ወር ማለት መስከረም 20 ከሆነ አንድ ነገር ነው። 30 ቀን ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት መክፈያው መስከረም 15 ይሆናል። ሶፍትዌሩ ቀድሞ ቢያስታውስ ሐጂ ከደንበኛቸው ጋር ይቀያየማሉ፣ ቢዘገይ ገንዘባቸው ይቆያል።

ስናጠቃልለው፣ ያልተነኩት ሁለቱ ካርዶች ተመልሰው 91 ፖይንት ቀርቶን ነበር። የበጀት ዓመቷ 3 ጨመረች፣ ማወዳደሩ 2 ጨመረ፣ 96 ሆነ። አሁን ባለ 3ዋን ወደ 8 ብንቀይራት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የዚህ ስፕሪንት 14 ቁጭ ብሎ 19 ይሆናል። የአራቱ አማካይ 19.5 ይወጣል፣ 96ቱ በአምስት ስፕሪንት ያልቃል። ሳንነካት ግን አማካዩ 18.25 ነው፣ ሥራው አምስቱን አልፎ ስድስተኛው ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ሁለት ሳምንት ነው። ያ ሁለት ሳምንት ደግሞ በሐሰት የተገኘ ነው። የቀሩት 96 ፖይንቶች የተገመቱት ሥራውን ሳናይ ነው፣ በነሱ ውስጥም የተደበቁ ጳጉሜኖች አሉ። ያለቀውን ሥራ ካየን በኋላ ባወቅነው እየለካን፣ የቀረውን ሳናይ በገመትነው ብንለካ ሁለቱ ቁጥሮች አይካፈሉም።

ይሄ የሚሠራው ግን በትንንሽ ካርዶች ላይ ነው። ባለ 13 ካርድ ተሳስቶ ቢገኝ አማካይ አይሸከመውም፣ ስፕሪንቱን ይዞት ይሄዳል። ለዚያ ነው ከ8 በላይ የሆነውን ሳንከፋፍል የማናስገባው። ደግሞ አለቃ ቬሎሲቲን የትጋት መለኪያ ካደረገው ሁሉም ሰው 3ቱን 8 እያለ መጻፍ ይጀምራል፣ ማንም አይፈረድበትም። የጓደኛዬ ስጋት እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ቀድሞ የሠራበት ቦታ እንደዚያ ነበር።

አመሻሽ ላይ ለሐጂ ደወልኩ። ፖይንት ብላቸው ምንም አይጠቅማቸውም። በጥሩ ስፕሪንታችን 21 ብንሄድ አምስት፣ በዚህኛው 14 ብንሄድ ሰባት ስፕሪንት ነው። "ሐጂ፣ ከ10 እስከ 14 ሳምንት ነው፤ እኔ 12 ይመስለኛል" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "የበጀት ዓመቷስ ብትቀር?" አሉ። 3 ፖይንት ብቻ ስለሆነች ቀኑን ብዙ እንደማታሳጥር ነገርኳቸው። ጊዜ የሚበላብን ዱቤው ነው። እሱን ወደ ፊት አምጥተነዋል፤ ነገ ጠዋት ከሒሳብ ሠራተኛቸው ጋር የድሮ የዱቤ መዝገባቸውን ገልጠን፣ "ወር" ሲባል እስከ ዛሬ እንዴት ሲያስከፍሉ እንደነበር እናያለን።