ባጃጁ ቀድሞ ያነበበው ረቂቅ

የምሠራበት የኮምቦልቻ የጅምላ መደብር አየር የማያስገባ የእህል ማጠራቀሚያ ከረጢት ይሸጣል፤ ለዚሁ ከረጢት ማስታወቂያ እንዲጽፍልን አዲስ አበባ ለሚኖር፣ በግሉ ለሚሠራ ጸሐፊ፣ የምንፈልገውን ከዘረዘርንበት ብሪፍ ጋር ሥራ ሰጥተነው ነበር። ረቂቁ በደረሰ ማግስት፣ እኔ አስተያየቴን ለመጻፍ ገና ስዘጋጅ፣ ድምፅ ማጉያ በባጃጁ ላይ ጭኖ ገበያ ለገበያ የሚዞርልን ልጅ ወረቀቱን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ፣ ያለቀለት ሥራ መስሎት ወደ ሀርቡ ገበያ ይዞት ሄደ። ልጁ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ያገኘውንም ሁሉ ከልቡ ያነባል። ችግሩም ይኸው ነበር።

ረቂቁ የሚጀምረው «ሰላም ብሮ! ኑሮህን ፕሪሚየም የምታደርግበት ጊዜ አሁን ነው!» በሚል ነው። ልጁ እንደነገረን፣ «ኑሮህን» የሚለውን የሰሙ ሰዎች የቤት ምዝገባ የተጀመረ መስሏቸው ባጃጁን ከበቡት፤ አንዲት እናትም «ልጄ፣ ብሮ የምትለው ሰው ጠፍቶብህ ነው?» ብለው አብረውት ሊያፈላልጉለት ተዘጋጁ። ማስታወቂያው «ለበለጠ መረጃ ከታች ያለውን ሊንክ ተጫን» ብሎ ሲያበቃ ደግሞ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው የባጃጁን ሥር ከፊት እስከ ኋላ መረመሩ፤ ከጭቃ በቀር ምንም አላገኙም። ከረጢት የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ወሬው ለባለ መደብሩ ለሐጂ ሲደርስ ደብዳቤውን ራሳቸው ሊያስጽፉኝ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም የእርሳቸውን ቃል ለጸሐፊው በሚጠቅም መልክ ማስቀመጥ ሥራዬ ሆነ። ሐጂ «ይህ ልጅ ወሎን በካርታ እንኳ አይቶት አያውቅም፤ በለው» ሲሉኝ፣ «በብሪፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ አድማጩ በቃሉ ወረዳ ማሽላና ጤፍ የሚያመርት ገበሬ፣ በተለይም እህሉን ከነቀዝ የምትጠብቀው የቤቱ እመቤት መሆኗን ገልጸን ነበር» ብዬ ጻፍኩ። «ነቀዙ ራሱ ቢሰማው ያፍርበታል» ሲሉ ደግሞ፣ «ድምፀቱ ለእናትና ለአባት እንደሚነገር፣ በእርስዎታ፣ ረጋ ያለ እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ ረቂቁ ግን የሚያናግረው የከተማ ወጣትን ነው» አልኩ። ሐጂ ጽሑፉን ከመነጽራቸው በላይ አይተው «ስድቡ የት ገባ?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም ስድብ ጸሐፊውን ቢያስቆጣው እንጂ የትኛውን መስመር ማስተካከል እንዳለበት እንደማይነግረው አስረዳኋቸው። «አልወደድነውም» የሚለውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ጸሐፊው የእኛን ምርጫ በግምት ሊደርስበት ሲሞክር ሁለተኛው ረቂቅ በሌላ አቅጣጫ ይስታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ መጀመሪያ በብሪፉ ላይ ያለውን ቃል፣ ቀጥሎ በረቂቁ ላይ የተጻፈውን፣ ከዚያም ያንን የሰማው ሰው ምን እንደተረዳ አስፍሬ፣ በመጨረሻ የምንፈልገውን ጠየቅሁ። የሀርቡው ገጠመኝ ለሦስተኛው ክፍል በጣም ጠቀመኝ፤ እናትየው ብሮን ሊያፈላልጉ መነሳታቸውን ያለ አንዳች ቅጽል መጻፉ ሐጂ ካዘጋጁት ስድብ ሁሉ የበለጠ ይናገር ነበር።

ከሁሉ አጥብቄ የጻፍኩት ግን ማንም ስላልሳቀበት አንድ መስመር ነው። ጸሐፊው ከረጢቱን እንደ ምግብ ቤት ሊያስተዋውቀው ፈልጎ ይመስላል፣ «በየቀኑ ክፈተው፣ ትኩስ ሽታውን አጣጥመው!» ብሎ ነበር። ደብዳቤው ላይ ይህን በሚከተለው መልክ አስቀመጥኩት፦

«ይህ ዓረፍተ ነገር የድምፀት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ለብቻው እንዲታይልን እንጠይቃለን። ከረጢቱ ነቀዝን የሚገድለው በመድኃኒት ሳይሆን በአየር እጥረት ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮችና የውጩ ማዳበሪያ አፋቸው ተጠምዝዞ ለየብቻ ጠብቆ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዙና እህሉ ራሱ ተንፍሰው ይጨርሱታል። ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ስለሚገባ፣ ምክርዎን የተከተለ ሰው ነቀዙን እየቀለበ ይከርማል። በተጨማሪም እህሉ በሚገባ መድረቅ እንዳለበት በብሪፉ ላይ የተጠቀሰው በረቂቁ ውስጥ አልገባም፤ እርጥብ እህል በዚህ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። የአካባቢው ሰው ድርቀቱን በጥርሱ ሰብሮ ስለሚያውቅ፣ ‹ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ያድርቁት› የሚል ሐሳብ በራስዎ አገላለጽ ቢያስገቡልን ይበቃናል።»

«በራስዎ አገላለጽ» ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም። ማስታወቂያውን ራሴ ጽፌ ብልክለት ኖሮ ሰውየው የእኔን ፊደል ከማረም ያለፈ ሥራ አይኖረውም፤ ገንዘቡን ግን ይወስዳል። ደግሞም መጻፍ የሚችል ሰው መሆኑ ከረቂቁ መካከል በአንድ ቦታ ታይቷል፤ «ነቀዝ በር አንኳኩቶ አይገባም» የሚል መስመር ነበረው። ይህ መስመር አጭር ነው፣ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ይሰማል፣ የቤቱን እመቤት ስጋትም ሳያስፈራራ ይነካል። ይህን እንዳለ እንዲያቆየውና የቀረውን በዚሁ መስመር ድምፀት እንዲቃኘው ጠየቅሁት። ሐጂም ይህንን መስመር ሁለት ጊዜ ካስነበቡኝ በኋላ «ይህችን ማን ጻፈለት?» አሉ።

«እስከ ዘለዓለም ከነቀዝ ነፃ» የሚለው ተስፋ እንዲወጣም ጠይቄያለሁ፤ አይጥ ላስቲኩን ከበሳች ዘለዓለሙ በዚያው ያበቃል፣ ገዢውም ቀዳዳውን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል።

ቀጥሎ የክፍያው ነገር መጣ። በውላችን መሠረት ዋጋው ሁለት እርማቶችን ይጨምራል፤ የጠየቅነው ሁሉ በብሪፉ ውስጥ የነበረ በመሆኑም ይህ የመጀመሪያው እርማት እንደሚሆንና ተጨማሪ ክፍያ እንደሌለው በትሕትና ጻፍኩ። ደብዳቤውን ልዘጋው ስል ግን ሐጂ «እግረ መንገዱን የፕላስቲክ ወንበሮቻችንንም ያስገባልን» አሉ። «ሐጂ፣ ወንበር በብሪፋችን የለም፤ ይህ እርማት ሳይሆን አዲስ ትእዛዝ ነው፤ ያስከፍለናል» አልኳቸው። «ሁለት ቃል ለመጨመር?» ብለው ተገረሙ። ሰውየውን «ከብሪፉ ወጣህ» ብለን እየወቀስን በዚያው ወረቀት ላይ እኛው መውጣታችን ስላላማረኝ፣ ወንበሩን ከእርማቶቹ ለይቼ፣ ዋጋውን እንዲያሳውቀን በመጠየቅ በመጨረሻው መስመር ላይ አሰፈርኩት።

መልሱ በማግስቱ ደረሰ። ጸሐፊው ብሪፉን ስልኩ ላይ በጥድፊያ እንዳየው ገልጾ፣ አዲሱን ረቂቅ አያይዞ ልኳል። «እናቴ፣ የደከሙበትን ማሽላ ነቀዝ በር አንኳኩቶ አይበላብዎትም» ብሎ ይጀምርና ወደ ማድረቁና ወደ አስተሳሰሩ ይገባል፤ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ ሊንክም የለውም። የባጃጁ ልጅ መደብሩ በር ላይ ቆሞ ሲያነበው፣ ሚስማር ልትገዛ የመጣች ሴት ከረጢቱ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ጠየቀች።

በኢሜይሉ ግርጌ የወንበሩ ማስታወቂያ ዋጋ ለብቻው ተጽፎ ነበር። ለሐጂ አነበብኩላቸው። እርሳቸውም ከተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትንሽ ተመቻችተው፣ «ተወው በለው፤ ወንበርን የተቀመጠበት ያውቀዋል» አሉኝ።