ሁለቴ የከፈልነው ኢንቮይስ

በወር መጨረሻ አንድ አቅራቢ ስቴትመንቱን ላከልን። እኛ ዕዳ አለብን ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ የእኛ 48,350.60 እነሱ ጋ ትርፍ እንዳለ ይናገራል። «ተሳስተዋል» ብዬ ላርማቸው የክፍያ ዝርዝሩን ከፈትኩ። የተሳሳትኩት ለካ እኔ ነኝ።

ሁለት ክፍያዎች በአስራ ሁለት ቀን ልዩነት ወጥተዋል። የአንዱ ቁጥር INV-2O415፣ የሌላው INV-20415። ልዩነቱ ካልታያችሁ አይፈረድባችሁም። በመጀመሪያው ከ2 ቀጥሎ ያለው ዜሮ ሳይሆን «ኦ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ናት። ከደበዘዘ ስካን ላይ አይቼ የጻፍኳት እኔው ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ክፍያው ሲዘገይ አቅራቢው ኢንቮይሱን እንደገና አትሞ በኢሜይል ላከ። ሶፍትዌራቸው ደግሞ የታተመበትን ቀን የኢንቮይስ ቀን አድርጎ ያወጣል። ባልደረባዬ አዲስ መስሎት መዘገበው። የእኛ ሲስተም ድግግሞሽ የሚይዘው አቅራቢው፣ ቁጥሩና ቀኑ ሦስቱም ሲገጥሙ ብቻ ነው። ስለዚህ «ኦ»ዋን ባልሳሳት እንኳ ቀኑ ብቻውን ያሳልፈው ነበር።

ስንት እንዲህ ያለ ሾልኮ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የዓመቱን ክፍያ ወደ ኤክሴል አወጣሁና መጀመሪያ ቁጥሮቹን አጸዳሁ፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(UPPER(TRIM(A2)),"-",""),"O","0")
```

ይህ ትርፍ ክፍተትንና ሰረዝን ያጠፋል፣ «ኦ»ንም ዜሮ ያደርጋል። ሁለቱም INV20415 ሆነው ወጡ። ግን 8812ን 8821 ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር ይህ ቀመር አያገኘውም። ስለዚህ ቁጥሩንም ቀኑንም ተውኩና ዝርዝሩን በአቅራቢና በገንዘብ መጠን ብቻ ደረደርኩት።

ያኔ ደግሞ የጥርጣሬ መዓት ወረደብኝ። ኪራይ በየወሩ ያው ነው፣ የጥገና ውልም ያው ነው። ልክ 10,000.00 የሆነ ክፍያ ቢደጋገም ብዙም አያስገርምም። 48,350.60 ግን ሳንቲሙ ሳይቀር ሁለቴ ሲመጣ ያጠራጥራል። ከእንዲህ ያሉት ጀመርኩ።

ቁርጡን የሚለየው ግን የዕቃ መረከቢያ ሰነዱ ነው። አንድ ጥንድ ላይ «ያዝኩት!» ብዬ ነበር፤ መጋዘን ስጠይቅ ሁለት የተለያዩ የመረከቢያ ቁጥሮች ሰጡኝ። እውነትም ዕቃው ሁለቴ ገብቷል። የእኔዎቹ ሁለት ኢንቮይሶች ግን የግዢ ትዕዛዛቸውም፣ መረከቢያቸውም አንድ ነው።

አቅራቢው ጋ ደወልኩ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቀችብኝ። «እኔማ መቼ ይደውሉ ይሆን እያልኩ ነበር፤ እንመልስላችሁ ወይስ ከሚቀጥለው ይቀነስ?» አለችኝ። ይቀነስ አልኳት፣ ክሬዲት ኖቱን ግን ዛሬውኑ ላኪልኝ አልኩ። ደግመው የሚልኩት ኢንቮይስ ላይም «ቅጂ» የሚል ማኅተም እንዲያደርጉበት ለመንኳት። ባልደረባዬ ደግሞ አሁን በኢሜይል የመጣ ኢንቮይስ ሲያይ፣ ከመመዝገቡ በፊት የገንዘብ መጠኑን ሲስተሙ ላይ ይፈልጋል። «ኦ»ዋን ግን እስካሁን ያነሳብኛል።