«ጋሼ፣ 41 በመቶ ደርሶ ለምን ያቆሙታል?»

የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዳታው ይወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ሥራው እዚሁ ሱቅ ውስጥ የሚቀጥል ነው ወይስ እጄን አንስቼ ለላብራቶሪ የምሰጠው? ባለፈው ጥር የገጠመኝ ነገር ይህንን ጥያቄ በደንብ ስለሚያሳይ ላጫውታችሁ።

እዚሁ ባህር ዳር ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ወጣት ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ይዞ መጣ። ዲስኩ እየሠራ እያለ አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ጠልፎት ከጠረጴዛ ላይ ወድቋል። ውስጡ የሁለት ሰርግ ቪዲዮ አለ። በአንደኛው ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ ተቀርጸዋል። ሚሞሪ ካርዶቹ ደግሞ ፎርማት ተደርገው ሌላ ሥራ ተቀርጾባቸዋል። ስለዚህ ያለው ቅጂ ይህ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እምቢ ብሎ ዘጋው። ጓደኞቹ ግን ምክር አላነሱትም። አንዱ `chkdsk /f` አሂድ ይለዋል፣ ሌላው ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው ይለዋል። ሁለቱንም ባለማድረጉ ደስ አለኝ። `chkdsk` ፋይሎችን የሚያድን ፕሮግራም አይደለም። የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል ሲል በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ የጻፈበትን ደግሞ መመለስ አይቻልም። ፍሪዘሩ ደግሞ ይብሳል። በተለይ እንደኛ ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ቀዝቅዞ የወጣ ብረት ወዲያው ያልበዋል፣ ላቡ ዳታው የተጻፈባቸው ሳህኖች ላይ ካረፈ አለቀ።

ኃይል ከመስጠቴ በፊት ልጁን ስለ ድምፁ ጠየቅኩት። «ቀጭ ቀጭ» ቢል ኖሮ፣ ወይም ሳይሽከረከር ዝም ቢል ኖሮ፣ ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር። የእሱ ዲስክ ግን ለስላሳ ዙር ነበረው። ሊኑክስ ላይ ስሰካው ስሙንና ትክክለኛ መጠኑን አሳየኝ። የዲስኩን ጤና የሚያሳየው `smartctl` ደግሞ `Current_Pending_Sector` በሚለው መስመር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሴክተሮችን አሳየ። ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፣ ግን ዲስኩ ገና ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ቤት ውስጥ መሞከር ያስኬዳል፣ ያውም አንዴ፣ በጥንቃቄ። ሌላ ባዶና ትልቅ ዲስክ አዘጋጅቼ የታመመውን የሚቀዳውን ይህንን ትእዛዝ ጀመርኩ፦

```
ddrescue -n /dev/sdb disk.img disk.map
```

ቅደም ተከተሉ እንዳይምታታባችሁ። የመጀመሪያው የታመመው ዲስክ ነው፣ ሁለተኛው ቅጂው የሚገባበት ፋይል። ሦስተኛው የተነበበውንና የተዘለለውን የሚመዘግብ ካርታ ነው። `-n` የሚለው ደግሞ «ክፉ ቦታ ላይ አትታገል፣ ዝለለውና ጤነኛውን አስቀድም» እንደማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 90 ሜጋባይት አካባቢ እያነበበ ሮጠ። ልጁ ፊቱ ፈካ። እኔ ግን ዓይኔን ከ`current rate` ላይ አላነሳሁም። ትንሽ ቆይቶ ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ወረደ። የተወሰነ ቦታ እየተንፏቀቀ አልፎ እንደገና 90 ገባ። አሁንም ወረደ። አሁንም ወጣ። የሚወርድበትና የሚወጣበት ርቀት ተመሳሳይ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ የተጎዳው እዚህም እዚያም ቢሆን ኖሮ፣ ስህተቱ የትም ይበተን ነበር እንጂ ምት አይኖረውም ነበር። ያንን `ddrescue` እየዘለለ ይጨርሰዋል፣ እኔም እቀጥላለሁ። እንዲህ ዓይነት ዲስክ ውስጥ ግን ሳህኖቹ ላይ ከአንድ በላይ ገጽ አለ፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አንባቢ ሄድ አለው። ዲስኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ ሄዶቹ ተራ በተራ ይገባሉ። ስለዚህ ችግሩ በእኩል ርቀት ከተደጋገመ፣ አንድ ሄድ ተራው በደረሰ ቁጥር ማንበብ እያቃተው ነው ማለት ነው። ሲወድቅ የተጎዳው እሱ ነው።

ሄዱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያንሳል። የተጣመመ ሄድ ሳህኑን መንካት ከጀመረ ዳታው የተጻፈበትን ስስ ሽፋን ይፍቀዋል። የተፋቀው ዱቄት ሆኖ ይበናል፣ ጤነኛ ሄዶችንም ይበክላል። ያንን የትኛውም ላብራቶሪ አይመልሰውም።

41 በመቶ ላይ ሳለን አንዴ ቀጭ አለ። `Ctrl+C` ተጫንኩ፣ ገመዱንም ነቀልኩ።

«ጋሼ፣ 41 በመቶ ደርሶ ለምን ያቆሙታል?» አለ ልጁ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ሌሊቱን ቢያድር እኮ ያልቃል።»

አልፈረድኩበትም። ግን ያ 41 በመቶ ምን እንደያዘ ላሳየው ፈለግኩ። ቅጂውን ለንባብ ብቻ ከፈትኩት። የሰርጉ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ብዙ ጊጋባይት ናቸው። የአንዱ ሄድ ድርሻ በየመሀሉ ስለጎደለ ሁሉም ፋይል ተቦድሷል። ሙሽራዋ ጀልባው ላይ ስትወጣ ይታያል፣ ከዚያ ምስሉ ይሰባበራል። ኮንትራቶቹና ፎቶዎቹ ግን ትናንሽ ስለሆኑ ብዙዎቹ ሙሉ ወጥተዋል። የሚፈልገው ሰነድና ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይበቃሃል፣ ይዘህ ሂድ» እለው ነበር። ቪዲዮውን ሙሉ የሚያደርገው ግን የዚያ የታመመ ሄድ ድርሻ ነው። እሱን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብገርፈው የማተርፈው ፍቀት ነው።

«ከፍተን ሄዱን ብንቀይረውስ?» አለኝ። እኔ ጋ ክሊን ሩም የለም። የሱቅ አየር ውስጥ ያለ አቧራ ለሄዱ ቋጥኝ ነው። ሄድ የሚቀየረው በተጣራ አየር፣ ከተመሳሳይ ሞዴል ዲስክ ተወስዶ ነው። ላብራቶሪዎቹ እንደ ፒሲ-3000 ያሉ መሣሪያዎች ስላሏቸው የታመመውን ሄድ አጥፍተው በጤነኞቹ የሚነበበውን ያስቀድማሉ፣ ቅየራውን ያስከትላሉ። የእኔ `ddrescue` ሄድ መምረጥ አይችልም።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ውጭ አገር የዚህ ሥራ ዋጋ በመቶዎች ዶላር ነው፣ ሄድ ከተቀየረ ይጨምራል። ብዙዎቹ ዳታ ካልወጣ አያስከፍሉም፣ ይህ ግን ቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ልጁ ሁለቱንም ቤተሰቦች አነጋገረ። የአንደኛዋ ሙሽራ አባት ግማሹን እችላለሁ አሉ።

ዲስኩን ጸረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት፣ ዙሪያውን በወፍራም ስፖንጅ አጠርኩት። ወደ ዱባይ የምትሄድ ዘመዱ በእጅ ሻንጣዋ ያዘችው። አብሮት አንድ ወረቀት አደረግኩ፦ እየሠራ እንደወደቀ፣ ክዳኑ እንዳልተከፈተ፣ ምንም እንዳልተጻፈበት፣ በየስንት ርቀቱ እንደሚደክም፣ መቼ ቀጭ እንዳለና ወዲያው እንደጠፋ። `disk.map` ፋይሉንም በኢሜይል ላክሁ።

የላብራቶሪው መልስ ከሳምንታት በኋላ መጣ። አንድ ሄድ ተጎድቷል፣ በእሱ ገጽ ላይ ጠርዙ አካባቢ ቀጭን ጭረት ጀምሯል፣ ሄዶቹ ተቀይረዋል። ከዚያ የፋይሎቹን ዝርዝር ላኩልን። የዘጌው ሰርግ ሙሉ ነበር። ከሁለተኛው ሰርግ የመልስ ቀን ላይ አንድ ፋይል መሀሉ ተበጥሷል፣ ጭረቱ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ልጁ የጎደለውን ክፍል ከእንግዶች ስልክ ለማሰባሰብ ያን ዕለት ማታውኑ መደወል ጀመረ።