በመዝገብ ሙሉ፣ በባንክ ጎዶሎ፦ የሁለት ለጋሾችን ገንዘብ ለይቼ ስይዝ የገጠመኝ

የአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅት ሂሳብ ስረከብ ሁለት ለጋሾች ነበሩን። ሁለቱም ገንዘባቸው ከየፕሮጀክታቸው ውጭ እንዳይነካ በውል አስረውናል። ለእያንዳንዳቸው ኮድ ሰጠሁ። ለቢሮ ኪራይና ለመሳሰለው የሚውለውን፣ ገደብ የሌለበትን ገንዘብ በሦስተኛ ኮድ ያዝኩ። በየቫውቸሩና በየደረሰኙ ላይ ኮዱና የበጀት መስመሩ ስለሚጻፍ አንድ ደረሰኝ ለሁለት ለጋሾች አይቀርብም። የወጪ ሪፖርቱም በጀትን፣ ወጪንና ልዩነትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የሦስቱም ገንዘብ የሚቀመጠው በአንድ የባንክ ሂሳብ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን የባንኩን ቀሪ አይተው «ገንዘብ አለ፤ ኪራዩ ይከፈል» ይላሉ። የማን ገንዘብ እንደሆነ ባንኩ አይናገርም። እኔ ኪራዩን በሦስተኛው ኮድ መዘገብኩ፤ ትክክለኛ ቦታውም ያ ነው። ስለዚህ የለጋሾቹ ሪፖርት ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ጉድለቱም አልታየም።

የታየው አንደኛው ለጋሽ ቀሪውን በባንክ መግለጫ አስደግፉ ሲል ነው። እሱ ከሰጠው 600,000 ውስጥ 350,000 ወጥቶ 250,000 ቀርቷል። ሌላው ከሰጠው 400,000 ውስጥ 280,000 ወጥቶ 120,000 ቀርቷል። ባንክ ውስጥ ቢያንስ 370,000 መኖር ነበረበት፤ የተገኘው 310,000 ነው። በሠራተኛ እጅ ያለ ቅድመ ክፍያም አልነበረም። የሦስተኛውን ኮድ ቀሪ ብናይ ከዜሮ በታች 60,000 ሆኗል። ኪራያችንን ሳያውቁ የከፈሉልን ለጋሾቹ ነበሩ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ኪራዩን «የሥልጠና ወጪ» ብዬ ወደ ለጋሹ ኮድ እንዳዞረው ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። ጉድለት በግልጽ ከተነገረ ይመለሳል፤ የተለወጠ መዝገብ ግን ማጭበርበር ነው። ሪፖርቱን ከመላካችን በፊት ጉድለቱን ለለጋሹ በደብዳቤ አሳወቅን፤ ገደብ የሌለበት ገቢ ሲገባም 60,000ውን ተካን። የለጋሹ መመሪያ ስለ ማኅተምና ስለ ፊርማ አብዝቶ ሲናገር ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ እስካሁን ያናድደኛል።

ለጋሹ መፍትሔው የተለየ የባንክ ሂሳብ መክፈት ነው አለ። እኔ አልስማማም። ደመወዙን ሁለት ፕሮጀክቶች የሚጋሩት ሠራተኛ ካለ በየወሩ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ማዛወር ሊመጣ ነው፤ ዝውውሩ በስህተት እንደ ወጪ ከተመዘገበ ደግሞ አንዱ ክፍያ ሁለቴ ይቆጠራል። ኮዱ በትክክል ከተያዘ አንድ የባንክ ሂሳብ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ወርኃዊ ፍተሻ ነው።

አሁን የባንክ ሂሳብ ባስታረቅኩ ቁጥር የባንኩን ቀሪና በካዝና ያለውን ደምሬ የለጋሾቹን ቀሪ እቀንሳለሁ። ያልተከፈለ ዕዳ ካለም አብሬ እቀንሳለሁ። ኪራይ ሊከፈልበት የሚችለው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ለሥራ አስኪያጁ የምሰጣቸውም ይህንኑ ቁጥር ነው፤ የባንኩን ቀሪ ቢጠይቁኝ አልነግራቸውም።