ሃምሳ ሳንቲሟን ካወጣሁ በኋላ

ልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። «ውኃው አልወጣም አለ» የሚል ስልክ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ አላስታውስም። አንዱን ቤት ግን አልረሳውም፤ ጠግኜ ጨረስኩ ብዬ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የሄድኩበት ቤት ነው።

አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስገባ የማሽኑ በር እንደተቆለፈ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ አንሶላው ግራጫ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ስክሪኑ ላይ OE ይላል። ማሽኑ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ውኃውን አስወጥቶ መጨረስ ሲያቅተው የሚያሳየው ምልክት ነው። ሌላ ማሽን ላይ 5E ወይም E18 ሊል ይችላል። ውኃው እንዳልወጣ ይነግርሃል እንጂ የት ጋ እንደተያዘ አይነግርህም።

እኔም እንደ ልማዴ ከፊልተሩ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልኩ። ውኃው ትኩስ እንዳልሆነ መስታወቱን በእጄ ነካ አድርጌ አረጋገጥኩ። በ60 ዲግሪ ሲያጥብ የቆመ ማሽን ከሆነ ሳይቀዘቅዝ መክፈት እጅ ያቃጥላል። ከፊት ለፊት፣ ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትኩ። ውስጧ ጣት የምታክል ቀጭን ቱቦ አለች። ዝርግ ሳፋ አስጠግቼ የቱቦዋን ክዳን ነቀልኩና ውኃውን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ሳፋው አራት ጊዜ ሞላ። ይህን ሳያደርጉ ፊልተሩን በአንዴ የሚፈቱ ሰዎች ሳሎናቸው ድረስ ውኃ ይለቃሉ።

ከዚያ ፊልተሩን ወደ ግራ አዙሬ ሳብኩት። የተጠቀለለ የጨርቅ ብናኝ፣ አንድ የፀጉር ሽቦ እና አንዲት ሃምሳ ሳንቲም ወጡ። የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ውኃውን የምትገፋው ትንሿ የፓምፕ መዘውር ትታያለች። በጣቴ አዞርኳት። ቀጥ ብላ አትዞርም፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገች ነው የምትዞረው። ይሄ ጤነኛ ነው፤ ውስጧ ያለው ማግኔት ነው እንደዚያ የሚይዛት። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «ፓምፑ ነክሷል» ይልና አዲስ ይገዛል።

ሳንቲሟን ሳይ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ፊልተሩን አጥቤ መለስኩ። አንድ ጆግ ውኃ ከበሮው ውስጥ አፍስሼ ማስወጣት ላይ አደረግኩት። ወጣ። ማሽኑን ወደ ግድግዳው ገፋሁ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ተደወለ። «ልጄ፣ ያው ነው» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ሳስበው ስህተቴ ገባኝ። አንድ ጆግ ውኃ ምን ይፈትናል? በዝግታ የሚወጣ ውኃም ቢሆን ትንሽ ከሆነ ከተወሰነው ጊዜ በፊት ያልቃል። ማሽኑ የሚሸነፈው ሞልቶ ሲያስወጣ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ሳልፈታ አዳመጥኩ። የፓምፑ ድምፅ ለስላሳ ነበር። ሳንቲም ወይም ሽቦ የያዘው ፓምፕ ያንኳኳል፣ ይፈጫል። የታነቀ ደግሞ «ምምም» ብሎ ይቀራል። ይሄ ይዞራል፣ ግን የፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ የሚሰማው የውኃ ድምፅ ቀጭን ነው። ስለዚህ ችግሩ ከፓምፑ በኋላ ነው።

ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣውን የፍሳሽ ቱቦ ከፍሳሽ ቧንቧው አውጥቼ ወንበር ላይ ባስቀመጥኩት ባልዲ ውስጥ አደረግኩት። መሬት ላይ አይደለም። መሬት ላይ ከሆነ ፓምፑ ሞቶም ቢሆን ውኃው በራሱ ቁልቁል ይወርድና ይሸውድሃል። ማስወጣት ላይ አደረግኩት። የሚወጣው እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ቀጭን ነው። ማሽኑን ወደ ፊት ስስበው ውኃው በድንገት ባልዲው ውስጥ ተወረወረ።

ከኋላ ሄጄ አየሁ። ቱቦው ከወለሉ ወደ ላይ በሚነሳበት ቦታ ታጥፎ፣ ማጠፊያው ላይ ነጭ መስመር አውጥቷል። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑን ወደ ግድግዳው ስገፋ የቱቦውን አቀማመጥ ዞሬ አላየሁም።

አቃንቼው ወደ ቧንቧው መለስኩት። ይሄን ጊዜ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ውኃው ወደ ቧንቧው ሲገባ ያ የባልዲው ኃይል የለም። ከባልዲው የተለየው ከፍታው ብቻ ነው። ሜትሬን አወጣሁና ከወለሉ እስከ ቧንቧው አፍ ለካሁ። 1 ሜትር ከ35።

«እትዬ፣ ይሄ ቧንቧ ድሮም እንደዚህ ነበር?» አልኳቸው።

«የለም። ሴራሚክ ሲነጠፍ ሠራተኛው ነው ከፍ ያደረገው። ሽታ እንዳይመጣ ብሎ። ኧረ ከዚያ ወዲህ ነው እኮ ሰዓቱ የረዘመው! ቁጥሩ 9 ደቂቃ ላይ ይደርስና ይቆማል።»

ይሄን በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። የማሽኑን መመሪያ ከመሳቢያ አወጡልኝ። የፍሳሹ ከፍታ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይላል። አብዛኞቹ ማሽኖች እዚህ አካባቢ ናቸው። ፓምፑ ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ማንሳቱን ያነሳል፣ ግን እየቀነሰ ነው የሚያነሳው። ሴራሚኩ ከተነጠፈ ጀምሮ ማሽኑ እየታገለ ሲያወጣ ቆይቷል። ፊልተሩ በብናኝና በሳንቲም ሲጠብ አቃተው። እኔ ፊልተሩን አጽድቼ ቱቦውን አጠፍኩበት።

«ታዲያ ለምን መሬት ላይ ባለው ፍሳሽ አንለቀውም? እሱ ዝቅ ያለ ነው» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ቤትም እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ቱቦው ወለል ላይ ከሆነ ውኃው ገና እየሞላ እያለ ራሱን እየጎተተ ይወጣል። ማሽኑ ይቀዳል፣ ይፈሳል፣ ይቀዳል። ሳሙናውም አብሮ ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ውኃ ደግሞ ይሄ ያሳዝናል። ዝቅተኛው 60 የተባለው ለዚህ ነው።

ቧንቧውን በ85 ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩት። ለሽታው ከታች ውኃ የሚያቁር ጎሚቶ አስገባሁ። ሽታውን የሚያግደው ጎሚቶው ውስጥ የሚቀረው ውኃ ነው፣ ከፍታው አይደለም። የቧንቧው አፍ ዙሪያ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር፤ እሱንም ላጥኩት። ቱቦው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ገብቶ፣ ዙሪያው አየር ማግኘት አለበት። ከታፈነ መሬት ላይ እንደተለቀቀው ቱቦ ውኃውን ይጎትታል።

ያን ቀን አንሶላዎቹን መልሰን ከተትን፣ ሙሉ ፕሮግራም አስጀመርኩ፣ ቡና እየጠጣን ጠበቅን። ሲያስወጣ ቧንቧው ውስጥ የሚወርደው ውኃ ከሳሎን ይሰማ ነበር። ቁጥሩ 9 ላይ አልቆመም።

ቱቦውን ግን እንደዚያው አልተውኩትም። አንዴ የታጠፈ ፕላስቲክ በሞቀ ውኃ ሲለሰልስ እዚያው መስመሩ ላይ ደግሞ ይታጠፋል። በማግስቱ አዲስ ይዤ ሄጄ በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው፤ ማሽኑን ወደ ግድግዳው ስገፋም በአንድ እጄ እየገፋሁ በሌላው ቱቦውን ይዤ ነበር።